ስኳሽ ላይ 10 እኩል ሲሆን፦ በሁለት ልዩነት፣ በአንድ ነጥብ ወይስ ጣሪያ ተደርጎለት? የቱን እንምረጥ

ውድድር ልታዘጋጁ ነው እንበል፣ የክለብ የውስጥ ሊግም ይሁን በጓደኛሞች መሀል ሚደረግ፣ ድልድሉ ወጥቷል ሰአቱ ተመድቧል፣ ከዛ አንድ ሰው "10 እኩል ከሆነስ?" ብሎ ይጠይቃል። ይሄን ከውድድሩ በፊት ካልመለሳችሁት ኮርት ውስጥ በላብ በተጠመቁ ሁለት ሰዎች ፊት ነው ምትመልሱት። እኔ ላይ ደርሷል፣ ማርከር ሆኜ እየቆጠርኩ "11-10" ስል አንደኛው ጌሙ አለቀ ብሎ ለመጨባበጥ እጁን ዘረጋ፣ ሌላኛው ደግሞ ሰርቭ ሊቀበል ቦታውን ይዞ ቆሟል። ሁለቱም ከልባቸው ትክክል መስሏቸው ነበር፣ አንደኛው የለመደው 10 እኩል ላይ በአንድ ነጥብ ሚያልቅ ውድድር ነው። ጥፋቱ አስቀድሜ ያልተናገርኩት የኔ ነበር፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

ለመምረጥ መጀመሪያ መደበኛውን ህግ እንያዝ። ፓር ሚባለው አቆጣጠር ማለት እያንዳንዱ ራሊ ነጥብ አለው፣ ሰርቭ ያደረገው ቢያሸንፍም የተቀበለው ቢያሸንፍም አንድ ነጥብ ነው። ድሮ እንደዛ አልነበረም፣ ጌም እስከ 9 ሆኖ ማስቆጠር ሚችለው ሰርቭ ያደረገው ብቻ ነበር፣ ተቀባዩ ራሊውን ቢያሸንፍ ሚያገኘው ሰርቩን ብቻ ነው። የወንዶቹ ፕሮፌሽናል ቱር እ.ኤ.አ. በ2004 በፓር እስከ 11 መጫወት ጀመረ፣ የአለም ስኳሽ ፌዴሬሽን ደግሞ በ2009 ለሁሉም ደረጃ አደረገው። ህጉ አጭር ነው፦ መጀመሪያ 11 የደረሰ ጌሙን ይወስዳል፣ ግን 10-10 ከሆነ አንዱ በ2 ነጥብ እስኪመራ ይቀጥላል። ጣሪያ የለውም፣ 12-10 ላይም ሊያልቅ ይችላል 20-18 ላይም።

አሁን አዘጋጆች ከዚ ህግ ሲወጡ በሶስት መንገድ ነው ሚወጡት። አንዱ ጎልደን ፖይንት ነው፣ 10 እኩል ከሆነ ቀጣዩን ራሊ ያሸነፈ 11-10 ብሎ ይወስዳል። ሁለተኛው ጣሪያ ማድረግ ነው፣ ለምሳሌ በሁለት ልዩነት ይቀጥልና 14 እኩል ከደረሰ 15ኛውን ያገባ ጨረሰ። ሶስተኛው ከድሮው አቆጣጠር የመጣ ነው፣ ሰርቭ ተቀባዩ ምን ያህል እንጫወት የሚለውን ይመርጣል። ከነዚ ውስጥ የቱ ይሻላል ለሚለው የኔ መልስ በአብዛኛው መደበኛው ነው፣ ግን ምክንያቱ "ህጉ ስለሆነ" አይደለም፣ ጎልደን ፖይንት ያተርፋል ተብሎ ሚታሰበው ነገር ሲሰላ እዚ ግባ ሚባል ስላልሆነ ነው።

እሱን ከማስላቴ በፊት ግን አንድ መጨረሻ ላይ የተጣበቀ ጌም ነጥብ በነጥብ እንየው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ህጉን በቃል ያውቀውና ሲቆጥር ይጠፋበታል። አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ ለብሷል እንበል፣ አምስተኛ ጌም ነው፣ ቀዩ 10-8 እየመራ ከቀኝ ቦክስ ሰርቭ ያደርጋል። ማርከሩ 10-8 ብሎ ማች ቦል ነው ይላል። ቀዩ ኳሷን ታች ቆርቆሮው ላይ መታት፣ ነጥቡም ሰርቩም ለነጩ። አሁን ማርከሩ ሚለው "9-10" ነው፣ 10-9 አይደለም፣ ስኳሽ ላይ ሁሌም ቀድሞ ሚጠራው የሰርቨሩ ነጥብ ነው። ከውጪ ቆሞ ሚያይ ሰው እዚ ጋ ነው ግራ ሚገባው፣ እየመራ ያለው ሰውዬ ነጥብ ሁለተኛ ሲጠራ የተገለበጠ ይመስለዋል። ነጩ ሰርቩን አዲስ ስላገኘ ቦክሱን ራሱ ይመርጣል፣ ግራውን መረጠ፣ ራሊውንም አሸነፈ፣ 10 እኩል። ማርከሩ በማቹ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ 10 እኩል ሲሆን ለማሸነፍ የ2 ነጥብ ልዩነት እንደሚያስፈልግ ጨምሮ መናገር አለበት፣ በኋላ ድጋሚ ከመጣ 10 እኩል ብቻ ብሎ ያልፋል። ይቺን አንድ አረፍተ ነገር ያን ቀን ብናገር ኖሮ ያ ሁሉ ክርክር አይነሳም ነበር።

ቀጠለ። ነጩ ሰርቩን ስላልተነጠቀ ቦክስ ይቀይራል፣ አሁን ከቀኝ ነው። ራሊው መሀል ላይ ቀዩ መንገዱ ስለተዘጋበት ሌት ጠየቀ፣ ዳኛው ሰጠው፣ ራሊው ይደገማል፣ ነጥቡ አሁንም 10 እኩል ነው፣ ሰርቩም ከዛው ከቀኝ ቦክስ። ሲደገም ቀዩ በድሮፕ ጨረሰው፣ 11-10 ለቀዩ፣ እንደገና ማች ቦል። ጎልደን ፖይንት ቢሆን ማቹ እዚ ጋ አልቋል፣ አሸናፊውም ቀዩ ነው። በመደበኛው ግን ቀዩ ቦክስ መርጦ ሰርቭ አደረገ፣ ነጩ ወሰደበት፣ 11 እኩል። ነጩ ቦክስ መርጦ ሰርቭ አደረገ፣ አገባ፣ 12-11። ቦክስ ቀይሮ ደገመ፣ ቀዩ የመታት ኳስ ተመልሳ ወደራሱ መጣችና ነጩ ሊመታት ሲል ቀዩ ፊቱ ቆሞ ተገኘ፣ ዳኛው ስትሮክ ሰጠ፣ 13-11 ነጩ አሸነፈ። ያው አንድ ጌም፣ ያው ተጫዋቾች፣ ግን እንደመረጣችሁት ህግ አሸናፊው ይለያያል።

እዚ ጋ የቴብል ቴኒስ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሚሳሳቱት ነገር አለ። ቴብል ቴኒስ ላይም 11 ነው በሁለት ልዩነት ነው፣ ግን 10 እኩል ከሆነ በኋላ ሰርቩ በየነጥቡ ይቀያየራል። ስኳሽ ላይ ሚቀየር ነገር የለም፣ ራሊውን ያሸነፈ ሰርቭ ያደርጋል፣ ከ0-0 ጀምሮ እንደነበረው። የቴኒስ ልምድ ያላቸው ደግሞ ዲዩስና አድቫንቴጅ እያሉ ቁጥሩን ያቆሙታል፣ እንደዛ ከተቆጠረ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚጻፍ ማንም አያውቅም። ቁጥሩ ዝም ብሎ ወደላይ ይሄዳል በቃ።

ወደ ንጽጽሩ እንምጣ። ጎልደን ፖይንት ሚመርጡ አዘጋጆች ሁሌ ሚሰጡት ምክንያት ሰአት ነው፣ ኮርቱ አንድ ወይ ሁለት ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ጌም ሲጎተት ድልድሉ ይዛባል። እስቲ በትክክል እናስላው። ሁለቱ ተጫዋቾች ፍጹም እኩል ናቸው እንበል፣ እያንዳንዱ ራሊ ሀምሳ ሀምሳ ነው፣ 10 እኩል በብዛት ሚመጣውም በእንደዚ አይነት ተጫዋቾች መሀል ስለሆነ ለጎልደን ፖይንት ምቹ ከሆነው ጀመርን ማለት ነው። እንደዛም ሆኖ 10-10 ሚደርሰው ከ100 ጌም 18 ያህሉ ነው። ከደረሰ በኋላ በሁለት ልዩነት ለመጨረስ በአማካይ 4 ራሊ ይፈጃል፣ በጎልደን ፖይንት 1፣ ስለዚ ሚተርፈው 3 ራሊ ነው። ግን እሱ ሚተርፈው ከ100 ጌም በ18ቱ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም ሲካፈል በአንድ ጌም ግማሽ ራሊ ገደማ ነው! ማቹ ሙሉ አምስት ጌም ቢሄድ እንኳን ሁለት ተኩል ራሊ ገደማ፣ አንድ ራሊ ከነዝግጅቱ ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል ብንል አንድ ደቂቃ ከምናምን። በሁለት ማች መሀል አንድ ሰው ጫማውን ለማሰር ሚያጠፋውን ሰአት ለማዳን ብለን ነው የጌሙን መጨረሻ ምንቀይረው ማለት ነው። ሰአት ከጠበበባችሁ ሚቆረጠው ሌላ ጋ ነው፣ ከአምስት ሶስት ያሸነፈ የሚለውን ከሶስት ሁለት ማድረግ በህጉም የተፈቀደ ነው፣ እሱ ከአንድ እስከ ሶስት ጌም ያተርፋል።

"ማለቂያ የለውም" የሚለው ፍርሀትም ሲሰላ ይቀንሳል። በእኩል ተጫዋቾች መሀል 10 እኩል ከደረሱ ጌሞች ግማሹ 12-10 ላይ ያልቃል፣ ሩቡ 13-11፣ ስምንተኛው 14-12፣ አስራ ስድስተኛው 15-13፣ ከዛ በላይ ሚሄደው የቀረችው አንድ አስራ ስድስተኛ ናት። ሁሉንም ጌም ከቆጠርን 14 እኩል ሚደርሰው ከ90 ጌም አንዱ ገደማ ነው። የአንዱ ብልጫ እየጨመረ ሲሄድ ደግሞ ከዚም ያንሳል።

ሁለተኛው ነገር ፍትህ ነው፣ እኔ ይበልጥ ሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። አንደኛው ተጫዋች ትንሽ ይበልጣል፣ ከ100 ራሊ 55ቱን ያሸንፋል እንበል። 10 እኩል ላይ በጎልደን ፖይንት ሚያሸንፍበት እድል ያው 55 ከመቶ ነው፣ በሁለት ልዩነት ግን 60 ከመቶ ይሆናል። ከ100 ራሊ 60 ሚያሸንፍ ከሆነ ደግሞ ከ60 ወደ 69 ይወጣለታል። ትልቅ ልዩነት ነው አልልም፣ ጌሙን የተሻለው ነው የወሰደው የሚለውን ግን ትንሽ ያጠነክረዋል። ደካማው ተጫዋች ጎልደን ፖይንትን ቢወድ አይፈረድበትም፣ በእውነትም ይጠቅመዋል፣ እና ውድድሩ ላይ ድንገተኛ ውጤት እንዲበዛ ምትፈልጉ ከሆነ እሱ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፣ ሰአት ነው ብላችሁ ግን አትምረጡት።

ከቁጥሩ በላይ ክብደት ያለው ግን የዳኝነቱ ነገር ነው። ስኳሽ ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ እየተላለፈ ሚጫወተው ስለሆነ ሌት፣ ስትሮክ፣ ሌት የለም የሚሉ ውሳኔዎች በየማቹ አሉ፣ ከነሱ ውስጥ ነጥብ ማይሰጠው ሌት ብቻ ነው፣ ስትሮክ ከሆነ ለጠያቂው ነጥብ ነው፣ ሌት የለም ከተባለ ለተቃራኒው። በአማተር ውድድር ዳኛ ሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ቅድም የተጫወተው ሰውዬ ነው፣ ደክሞታል፣ ፎጣ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው ሚፈርደው። በጎልደን ፖይንት ይሄ ሰው አንድ ውሳኔ ይሰጥና ጌሙ፣ ምናልባትም ማቹ፣ በዛው ያልቃል። በሁለት ልዩነት ከሆነ የተበደለው ቢያንስ አንድ ራሊ ይኖረዋል። እና ያየሁት ነገር አለ፣ ጎልደን ፖይንት ላይ ዳኛው ራሱ ይፈራል፣ ግልጽ ስትሮክ የሆነውን ሁሉ ሌት እያለ ያስደግማል፣ ምክንያቱም ጌሙን በአፉ መጨረስ አይፈልግም። አንዷ ራሊ ሶስት አራቴ ስትደገም ደግሞ ያተረፍነው ሰአት ተመልሶ ሄደ።

ጎልደን ፖይንት ቦታ የለውም እያልኩ አይደለም። ደብልስ ላይ ታዋቂ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጎልድ ኮስት በተደረገው የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች የድብልቅ ደብልስ ፍጻሜ ሁለተኛው ጌም 11-10 ነው ያለቀው፣ በሁለት ልዩነት ቢሆን እንዲ አይነት ውጤት ሊጻፍ አይችልም። ደብልስ ላይ አራት ሰው ስላለ ራሊው ይረዝማል፣ ስለዚ እያንዳንዷ ሚተርፍ ራሊ ከሲንግልስ የበለጠ ሰአት አላት፣ እዛ ጋ ሂሳቡ ትንሽ ይቀየራል። በልምምድ ቀን አሸናፊው ኮርት ላይ ቀርቶ ተሸናፊው በሚወጣበት አጨዋወት ላይም ጥሩ ነው፣ ውጪ አምስት ሰው ቆሞ እየጠበቀ ስለሆነ ማንም አይከራከርም።

የሲንግልስ ፍጻሜ ላይ ግን አይመከርም፣ ለምን እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. የ2014ቱን የዶሃ የአለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ውጤት ማንበብ ይበቃል። ራሚ አሹር መሀመድ ኤልሾርባጊን ያሸነፈው 13-11፣ 7-11፣ 5-11፣ 11-5፣ 14-12 ነው። ጨዋታውን ያላየ ሰው እንኳን ከቁጥሩ ብቻ አምስተኛው ጌም 10 እኩል፣ 11 እኩል፣ 12 እኩል እንደነበረ ያውቃል፣ ሶስት ጊዜ አንዱ አንድ ነጥብ ብቻ ሲቀረው ሌላው መልሶታል ማለት ነው፣ የአለም ዋንጫውም በዛች 10 እኩል ላይ በነበረችው ራሊ ብቻ አልተወሰነም።

ጣሪያ ማድረግ መሀል መንገድ ይመስላል። ከላይ እንዳልኩት 14 እኩል ሚደርሰው ከ90 ጌም አንዱ ገደማ ስለሆነ 15 ላይ ጣሪያ ብታደርጉ ማንንም አይጎዳም፣ ግን ሚያተርፈውም ነገር የለም፣ ያውም ያቺ ብርቅ ጌም ስትመጣ ጣሪያው መኖሩን ማርከሩ ረስቶት ይገኛል። ኮርቱን በሰአት ተከራይታችሁ ደወል ሲደወል ግዴታ ምትወጡ ከሆነ ብቻ አድርጉት፣ እሱንም ማርከሩ ሚጽፍበት ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ተቀባዩ ይምረጥ የሚለው የድሮው ህግ ደስ ሚል ታሪክ አለው፣ ለፓር ግን አይሆንም። በድሮው አቆጣጠር 8 እኩል ሲሆን ተቀባዩ እስከ 9 ወይስ እስከ 10 የሚለውን ይመርጥ ነበር። ምርጫው ለሱ የተሰጠው ሰርቨሩ ብቻ ስለሚያስቆጥር ተቀባዩ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስለሆነ ነው። በእኩል ተጫዋቾች መሀል እስከ 9 ከተባለ ተቀባዩ ሚያሸንፍበት እድል 33 ከመቶ ብቻ ነው፣ እስከ 10 ከመረጠ ወደ 41 ያድጋል፣ ስለዚ በጣም ካልደከመ ወይ በግልጽ ካልተበለጠ በስተቀር ረጅሙን መምረጥ ነበረበት፣ ድንበሩ ከ100 ራሊ 38 ገደማ ማሸነፍ ላይ ነው፣ ከዛ በታች ከሆነ አጭሩ ይሻለዋል። ፓር ላይ ግን ተቀባዩም እኩል ስለሚያስቆጥር ሚካስበት ጉዳት የለም፣ ምርጫ መስጠት ያለምክንያት ለአንዱ ጥቅም መስጠት ነው ሚሆነው። ከድሮ ተጫዋቾች ጋር በ9 ምትጫወቱ ከሆነ ብቻ ተጠቀሙበት።

አንድ ብዙ ሰው ማያስበው ነገር፣ ምድብ ኖሯችሁ ሁሉም ከሁሉም ሚጫወት ከሆነ እኩል ሲወጡ በምን እንደምትለዩ ከዚ ምርጫ ጋር አብሮ ይታይ። በሁለት ልዩነት ተጫውታችሁ ያስቆጠሩትን ጠቅላላ ነጥብ ከቆጠራችሁ 15-13 የተሸነፈው 13 ነጥብ ይዞ ይሄዳል፣ 11-2 ያሸነፈው ግን 11፣ ተሸናፊ ካሸናፊ በለጠ። ስለዚ መጀመሪያ ያሸነፉትን ጌም፣ ከዛ የነጥብ ልዩነትን ተጠቀሙ፣ በልዩነት ከሆነ የተጎተተ ጌም የቱንም ያህል ቢረዝም ሁሌ 2 ብቻ ነው።

የውጤት ወረቀት ስትሰበስቡ ደግሞ በአይን ብቻ ስህተት ምትይዙበት ነገር አለ። በሁለት ልዩነት አሸናፊው 11 ከሆነ ተሸናፊው 9 ወይም ከዛ በታች ነው፣ አሸናፊው ከ11 በላይ ከሆነ ተሸናፊው ልክ በ2 ያንሳል። 11-10፣ 12-11፣ 13-10 ሚባል ውጤት የለም፣ ካያችሁ ወይ ማርከሩ ተሳስቷል ወይ ጌሙ ሳያልቅ ቆሟል። 13-10 ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ሆኖ ሚገኘው 12-10 ላይ ያለቀ ጌም ሳይቆም አንድ ራሊ ተጨምሮበት ነው፣ ያኔ 12-10 ብሎ ማስተካከል ይቻላል። 11-10 ከሆነ ግን ማስተካከያ የለውም፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ከመሄዳቸው በፊት ተጠርተው ኮርቱ ውስጥ ከ11-10 መቀጠል ነው ያለባቸው፣ ሰርቩም 11ኛዋን ነጥብ ያገባው ሰው ጋ ነው።